ከመካፈል በፊት መለየት

ጋሸና በሰሜን ወሎ ደጋ ላይ ከወልዲያ የሚመጣው፣ ከደብረ ታቦር የሚመጣውና ወደ ላሊበላ የሚወጣው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። መንገድ በተገናኘበት ስፍራ ሁሉ እንደሚታየው፣ በዚህችም ከተማ ነጋዴው በአንድ ዐይነት ዕቃ ብቻ ተወስኖ አይቀመጥም። ያገሩ ሰውም መንገደኛውም የሚፈልገውን ሁሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ያቀርባል። ታዲያ ለገበያተኛው አንድ ሱቅ ሆኖ የሚታየው ቤት፣ በተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግ ዐይን ሲታይ ብዙ ጊዜ ሁለት ቤት ሆኖ ይገኛል። አንደኛው ታክስ የሚከፈልበትን ዕቃ ይሸጣል፤ ሁለተኛው ከታክስ ነፃ የተደረገውን ይሸጣል። ሁለቱም ግን አንድ ኪራይ ይከፍላሉ፤ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ይቀጥራሉ፤ በአንድ መደርደሪያ ይጠቀማሉ።

በዛሬው ጽሑፋችን ልናነሣው የምንፈልገው ጉዳይም ከዚሁ የሚወለድ ነው። እንዲህ ያለው ነጋዴ ዕቃና አገልግሎት ሲገዛ ለሻጩ ከከፈለው ታክስ ውስጥ የቱን ያህል ሊቀንስ ይገባዋል? የቱስ በእርሱ ላይ ይቀራል? ነገሩ የሒሳብ ሠራተኞች ብቻ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን መልሱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ወይ መንግሥት የማይገባውን ይሰጣል፣ ወይ ነጋዴው የማይገባውን ይከፍላል፤ ከሁለቱ በአንዱ ምክንያትም ለታመመ ልጅ መድኃኒት ሊገዛ የመጣው ገበሬ ዋጋው ይከብድበታል።

በመጀመሪያ የታክሱን አካሄድ እናስታውስ። የተጨማሪ እሴት ታክስ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ተደንግጎ፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሽያጭ ታክስ ምትክ ሥራ ላይ ውሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1341/2016 ተተክቷል። ምጣኔው 15 በመቶ ነው። የተመዘገበ ነጋዴ ሲሸጥ ከገዢው 15 በመቶ ይሰበስባል፤ ሲገዛ ደግሞ ለተመዘገበ ሻጭ 15 በመቶ ይከፍላል። በወሩ መጨረሻም ከሰበሰበው ላይ የከፈለውን ቀንሶ ልዩነቱን ለመንግሥት ያስገባል። ሲገዛ የከፈለው ይህ ታክስ የግብዓት ታክስ ይባላል። በዚህ ሥርዓት ታክሱ በነጋዴው እጅ ያልፋል እንጂ ነጋዴው ላይ አይቀመጥም፤ የሚያርፈው በመጨረሻው ተጠቃሚ ላይ ነው።

ሽያጩ ከታክስ ነፃ በሆነ ጊዜ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ነጋዴው ከገዢው ታክስ አይሰበስብም፤ ስለሆነም ለዚያ ሽያጭ ሲል የከፈለውን የግብዓት ታክስ የመቀነስ መብት የለውም። ብዙ ሰው «ከታክስ ነፃ» የሚለውን ቃል ሲሰማ በዕቃው ውስጥ ምንም ታክስ የሌለ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በመጨረሻው ሽያጭ ላይ ታክስ የለም ማለት ነው እንጂ፣ በሱቁ ኪራይ፣ በመደርደሪያውና በማቀዝቀዣው ላይ የተከፈለው ታክስ በነጋዴው ወጪ ውስጥ ገብቶ፣ በደረሰኝ ላይ ሳይጻፍ ከዋጋው ጋር ተደባልቆ ይሸጣል።

ከዚህ የሚለይ ሌላ ዐይነት ሽያጭ አለ፤ እርሱም በዜሮ ምጣኔ ታክስ የሚከፈልበት ነው። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ዕቃ ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። በዚህም ቢሆን ገዢው ታክስ አይከፍልም። ሆኖም ሽያጩ ምጣኔው ዜሮ ሆነ እንጂ ታክስ የሚከፈልበት ተብሎ ስለሚቈጠር፣ ሻጩ የግብዓት ታክሱን በሙሉ ይቀንሳል ወይም ያስመልሳል። ሁለቱም ለገዢው አንድ ይመስላሉ፤ በሻጩ መዝገብ ላይ ግን ተቃራኒዎች ናቸው። ማር ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ሽያጩን «ታክስ ስላልሰበሰብሁበት ነፃ ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ የሚገባውን ተቀናሽ በገዛ እጁ ያጣል።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጋሸና አንድ ነጋዴ አለ እንበል። በአንድ በኩል በሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒቶችን ያቀርባል። በሌላው በኩል ሳሙና፣ ቅባትና ሌላም የጽዳትና የመዋቢያ ዕቃ በጅምላና በችርቻሮ ይሸጣል። በሐኪም ማዘዣ የሚሸጡና በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ዝርዝር ውስጥ የገቡ መድኃኒቶች ከታክስ ነፃ እንዲሆኑ የተደረገው በ1994ቱ አዋጅ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ነፃ የሚሆነው በዝርዝሩ የገባው መድኃኒት እንጂ በመድኃኒት ቤት መስኮት የሚሸጠው ሁሉ አለመሆኑ ነው። ሳሙናው ከመድኃኒቱ ጎን ስለ ተቀመጠ ነፃ አይሆንም። ስለዚህ ነጋዴው እያንዳንዱን ዕቃ በወቅቱ ከሚሠራበት ዝርዝር ጋር አስተያይቶ፣ በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው ላይ በየምድቡ ማስገባት አለበት። ከዚህ በኋላ የምናደርገው ስሌት ሁሉ የሚቆመው በዚሁ መሠረት ላይ ነው።

ነጋዴው በአንድ ወር ውስጥ ታክሱ ሳይቈጠር ታክስ የሚከፈልበትን ዕቃ በ300 ሺህ ብር፣ ነፃውን መድኃኒት ደግሞ በ200 ሺህ ብር ሸጠ እንበል። በ300 ሺህ ብሩ ሽያጭ ላይ የሰበሰበው ታክስ 45 ሺህ ብር ነው። በዚያው ወር የከፈለው የግብዓት ታክስ ደግሞ በጠቅላላው 48 ሺህ ብር ሆነ። የሁሉም ሻጮች ትክክለኛ የታክስ ደረሰኝ በእጁ አለ፤ ደረሰኝ የሌለው ግዢ ወደዚህ ሒሳብ አይገባምና።

አሁን ሥራው የሚጀመረው በማካፈል ሳይሆን በመለየት ነው። ነጋዴው የወሩን ደረሰኞች ሦስት ቦታ ይከምራቸዋል።

በመጀመሪያው ክምር ታክስ ለሚከፈልበት ሽያጭ ብቻ የዋለው ግዢ ይገባል። ሳሙናውንና ቅባቱን በ220 ሺህ ብር ሲገዛ የከፈለው 33 ሺህ ብር ታክስ እዚህ ነው። ይህ በሙሉ ይቀነሳል። በሁለተኛው ክምር ለነፃው ሽያጭ ብቻ የዋለው ይገባል። መድኃኒቱ ራሱ ሲገዛ ታክስ ስላልተከፈለበት የሚቀነስ ነገር የለውም። ነገር ግን መድኃኒት ብቻ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ በ40 ሺህ ብር ተገዝቶ 6 ሺህ ብር ታክስ ተከፍሎበታል። ይህ 6 ሺህ ብር ፈጽሞ አይቀነስም። በሦስተኛው ክምር ለሁለቱም ወገን የሚያገለግለው ይቀመጣል። በሱቁ ኪራይ ላይ 4 ሺህ 500 ብር፣ በሒሳብ ሠራተኛው ክፍያ ላይ 1 ሺህ 200 ብር፣ ለመደርደሪያና ለቤት እድሳት 3 ሺህ 300 ብር ታክስ ተከፍሏል፤ ድምሩ 9 ሺህ ብር ነው።

የሚካፈለው ይህ 9 ሺህ ብር ብቻ ነው። መለኪያውም ታክስ የሚከፈልበት ሽያጭ ከጠቅላላው ሽያጭ ያለው ድርሻ ነው። 300 ሺህ ለ500 ሺህ ሲካፈል 60 በመቶ ይሆናል። የ9 ሺህ ብር 60 በመቶ 5 ሺህ 400 ብር ነው፤ ይህ ይቀነሳል። የቀረው 3 ሺህ 600 ብር በነጋዴው ላይ ይቀራል። እንግዲህ ከመጀመሪያው ክምር 33 ሺህ፣ ከሦስተኛው 5 ሺህ 400፣ በድምሩ 38 ሺህ 400 ብር ተቀናሽ ይሆናል። ከሰበሰበው 45 ሺህ ብር ላይ ይህ ሲነሣ፣ ለመንግሥት የሚያስገባው 6 ሺህ 600 ብር ነው።

ሁለት ዐይነት ስሕተት ከዚህ ጋር ይተያይ። የመጀመሪያው ነጋዴ «እኔ የተመዘገብሁ ነኝ፤ ደረሰኝም አለኝ» ብሎ 48 ሺህ ብሩን በሙሉ ይቀንሳል። በእርሱ ሒሳብ መንግሥት 3 ሺህ ብር ተመላሽ ሊያደርግለት ነው። 9 ሺህ 600 ብር ከሚገባው በላይ ወስዷል፤ ምርመራ በመጣ ጊዜም ይህንን በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ከነቅጣቱና ከነወለዱ ይከፍላል። ሁለተኛው ነጋዴ ደግሞ ጥንቁቅ ነው፤ ማካፈል እንዳለበት ሰምቷል። ነገር ግን ሳይለይ ያካፍላል። 48 ሺህ ብሩን በሙሉ በ60 በመቶ አባዝቶ 28 ሺህ 800 ብር ብቻ ይቀንሳል። በዚህም ለመንግሥት 16 ሺህ 200 ብር ያስገባል፤ ይህም ከሚገባው 9 ሺህ 600 ብር ይበልጣል።

የፊተኛው ስሕተት የሚመረመር ስለሆነ ብዙ ይወራለታል። የኋለኛውን ግን የሚያነሣው የለም፤ ምክንያቱም ገንዘቡን ያጣው ሰው ራሱ አላወቀውም፤ ተቀባዩም አይከሰውም። እኛ እንደምናምነው ሁለቱ በእኩል ዐይን ሊታዩ ይገባል። ለሳሙና የተከፈለው ታክስ ከመድኃኒት ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ከእርሱ 40 በመቶ መያዝ ሕጉ ነፃ ባላደረገው ዕቃ ላይ ታክሱን ሁለት ጊዜ እንደ ማስከፈል ይቈጠራል። መንገዱም ረጅም አይደለም፤ ያ ገንዘብ ተመልሶ በሳሙናውና በመድኃኒቱ ዋጋ ላይ ይጫናል።

ከመለየት ቀጥሎ ጥንቃቄ የሚያሻው የድርሻው አወጣጥ ነው። በላይም በታችም የሚገባው ሽያጭ ታክሱ ሳይጨመርበት መሆን አለበት። ነጋዴው የሳሙናውን ሽያጭ ከነታክሱ 345 ሺህ ብር ብሎ ቢጽፍና መድኃኒቱን በ200 ሺህ ቢተወው፣ ድርሻው ከ60 ወደ 63 በመቶ ከፍ ይላል። በዚያ ወር 297 ብር ያህል አላግባብ ተቀነሰ ማለት ነው። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በየወሩ ይደጋገማል፤ የጋራው ወጪ በጨመረ ቍጥርም ያድጋል።

እንደዚሁም ወደ ቤቱ የገባ ገንዘብ ሁሉ ሽያጭ አይደለም። ነጋዴው ከባንክ የተበደረው፣ ባለቤቱ ለንግዱ ማስፋፊያ ከኪሱ የጨመረው፣ ከዕቁብ የደረሰው ገንዘብ የሽያጭ ዋጋ ስላይደለ በላይም በታችም አይገባም። የባንክ ደብተሩን ብቻ ይዞ ድርሻ የሚያወጣ የሒሳብ ሠራተኛ ይህንን ሊስተው ይችላል። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ካለ ደግሞ፣ ቀደም ብለን እንዳልነው፣ ታክስ ከሚከፈልበት ጋር በላይኛው ረድፍ መቈጠር አለበት።

የአንዳንድ አገሮች ሕግ ለትንንሽ ድርሻዎች አቋራጭ አበጅቷል። በጎረቤታችን በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሕግ፣ ታክስ የሚከፈልበት ሽያጭ ድርሻ ከ90 በመቶ በላይ ሲሆን ሙሉው የግብዓት ታክስ ይቀነሳል፤ ከ10 በመቶ በታች ሲሆን ምንም አይቀነስም። የዚህ ዐይነቱ አቋራጭ ጥቅም ጥቂት ብር ለማግኘት ብዙ ወረቀት እንዳይገለበጥ ማድረጉ ነው። ጉዳቱ ደግሞ በወሰኑ ላይ ያለው ሰው በአንድ በመቶ ልዩነት ብዙ ገንዘብ ማግኘቱ ወይም ማጣቱ ነው። እንዲህ ያለ ወሰን ባለበት ቦታ ሁሉ መርማሪው 90 በመቶን ጥቂት ብቻ ያለፈውን ሒሳብ ደጋግሞ ቢያየው አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ከላይ ያየነው ስሌት የአንድ ወር ነው፤ ታክሱም የሚታወቀው በየወሩ ነው። የጋሸና ንግድ ግን በየወሩ አንድ አይደለም። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ የገና በዓል ሲደርስ፣ ወደ ላሊበላ የሚሄደው ምእመንና እንግዳ ከወልዲያም ከደብረ ታቦርም በኩል በዚህችው ከተማ ያልፋል። በዚያ ወር የነጋዴያችን የሳሙናና የልዩ ልዩ ዕቃ ሽያጭ ወደ 600 ሺህ ብር ከፍ አለ፤ የመድኃኒቱ በ200 ሺህ ጸና እንበል። ድርሻው 75 በመቶ ሆነ። በክረምቱ ልብ፣ በሐምሌ ደግሞ መንገደኛው ቀነሰ፤ ታክስ የሚከፈልበት ሽያጭ ወደ 150 ሺህ ወረደ፤ የመድኃኒቱ ግን ወደ 250 ሺህ ወጣ እንበል። ድርሻው 37 ነጥብ 5 በመቶ ብቻ ነው።

በየወሩ የሚከፈል ኪራይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ መዋዠቅ ብዙ አያስጨንቅም ነበር፤ ከፍ ያለው ወር ዝቅ ያለውን በመጠኑ ያካክሰዋልና። ችግሩ የሚጎላው ትልቅና ብዙ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ሲገዛ ነው። ነጋዴው ለመላው ቤት የሚያገለግል የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሞተር በ200 ሺህ ብር ገዝቶ 30 ሺህ ብር ታክስ ከፈለ እንበል። በታኅሣሥ ቢገዛው 22 ሺህ 500 ብር ይቀንሳል። በሐምሌ ቢገዛው 11 ሺህ 250 ብር፤ ልክ ግማሹን ማለት ነው። ሞተሩ ያው ሞተር ነው፤ ታክሱም ያው ታክስ ነው፤ የሚያበራውም ያንኑ ቤት ነው። የተለየው የተገዛበት ወር ብቻ ነው።

የዓመቱን ሽያጭ በሙሉ አንድ ላይ ብናየው ነገሩ ይጠራል። በዓመቱ ታክስ የሚከፈልበት ሽያጭ 3 ሚሊዮን 600 ሺህ፣ ጠቅላላው ሽያጭ 6 ሚሊዮን ብር ቢሆን፣ ድርሻው 60 በመቶ ነው። ከሞተሩ ታክስ የሚገባው ተቀናሽም 18 ሺህ ብር ይሆናል። በታኅሣሥ የገዛው 4 ሺህ 500 ብር በልጦ ወስዷል፤ በሐምሌ የገዛው 6 ሺህ 750 ብር ጎድሎበታል።

ይህንን ችግር ሌሎች አገሮች በሁለት መንገድ ፈትተውታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ መሠረት ነጋዴው በዓመቱ ውስጥ ባለፈው ዓመት ድርሻ በጊዜያዊነት ይሠራል፤ ዓመቱ ሲዘጋ እውነተኛው ድርሻ ይወጣና ልዩነቱ ይታረማል። በዚህም የገና ወርና የክረምት ወር የሚሉት ልዩነቶች ይጠፋሉ። ሁለተኛው መንገድ ለቋሚ ዕቃ የተበጀ ነው። ዕቃው በተገዛበት ዓመት ብቻ ሳይሆን ለ5 ዓመት እየታየ ተቀናሹ ይስተካከላል፤ ለሕንፃና ለመሬት ደግሞ ጊዜው እስከ 20 ዓመት ሊደርስ ይችላል።

አሠራሩን በሞተራችን እንሞክረው። 30 ሺህ ብሩ ለ5 ዓመት ሲከፈል ለያንዳንዱ ዓመት 6 ሺህ ብር ይደርሳል። በመጀመሪያው ዓመት ድርሻው 60 በመቶ ስለ ነበረ 18 ሺህ ብር ተቀንሷል። በሁለተኛው ዓመት ነጋዴው የሳሙናውን ንግድ አሳንሶ መድኃኒቱን አስፋፋ፤ ድርሻውም ወደ 40 በመቶ ወረደ እንበል። ልዩነቱ 20 በመቶ ነው። የዚያ ዓመት 6 ሺህ ብር 20 በመቶ 1 ሺህ 200 ብር ስለሆነ፣ ይህንን ለመንግሥት ይመልሳል። ድርሻው ወደ 80 በመቶ ቢወጣ ግን ያንኑ 1 ሺህ 200 ብር ያገኛል። ሚዛኑ በሁለቱም በኩል ይሠራል፤ ማንም ለማንም አያደላም።

እኛ በዚህ ገጽ የምንለው፣ በአገራችንም ሁለት ዐይነት ሽያጭ የሚያካሂዱ ሰዎች የሚሠሩበት የዓመት ማስተካከያ በግልጽ ቋንቋ፣ ከነምሳሌው ተጽፎ በየወረዳው የገቢ መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነው። ከአዲስ አበባ የሚወጣው ደንብ ጋሸና ሲደርስ በአፍ ትርጓሜ ብቻ መሆን የለበትም። ነጋዴው ምክር ሲጠይቅ አንዱ ሠራተኛ «ሁሉንም ቀንስ»፣ ሌላው «ምንም አትቀንስ» ካለው፣ ሁለቱም ሕግ አስከባሪ አይባሉም።

በወረዳ የተመደበው ወጣት ሠራተኛ ግን ይህ እስኪሆን ድረስ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። እንዲህ ያለ ሒሳብ ሲቀርብለት ስሕተቱን የሚያሳዩት ምልክቶች ጥቂትና ግልጽ ናቸው። ነጋዴው የመድኃኒት ንግድ ፈቃድ እያለው በወርኃዊ ማስታወቂያው ላይ ነፃ ሽያጭ የሚለው ሳጥን ባዶ ሆኖ ከተገኘ፣ ወይ መድኃኒቱ ሳይመዘገብ ተሸጧል፣ ወይ ታክስ ከሚከፈልበት ጋር ተደባልቋል። ድርሻው ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 60 በመቶ ሆኖ ሳይነቃነቅ ከኖረ፣ ሰውየው አንድ ጊዜ ያሰላውን እየገለበጠ ነው ማለት ነው፤ በገናም በክረምትም አንድ የሚሆን ገበያ የለምና። የኪራዩ ታክስ በሙሉ ተቀንሶ ከታየ ሦስተኛው ክምር አልተሠራም። በዓመቱ መጨረሻም የ12ቱ ወራት ሽያጭ ድምር ለትርፍ ግብር ከቀረበው ጠቅላላ ሽያጭ ጋር ካልገጠመ፣ የድርሻው የታችኛው ረድፍ ጎድሏል፤ ታች ሲጎድል ደግሞ ድርሻው ያለ አግባብ ይወጣል።

መርማሪው እነዚህን ሲያይ የመጀመሪያው ጥያቄው «ስንት ቀነስህ?» ሳይሆን «ደረሰኞቹን እንዴት ለየሃቸው?» ቢሆን መልካም ነው። ማቀዝቀዣው የመድኃኒት ብቻ ነው ወይስ ለስላሳ መጠጥም ይገባበታል? መጋዘኑ የሳሙና ብቻ ነው ወይስ የመድኃኒት ካርቶንም ተደርድሯል? ይህንን ለማወቅ ወንበር ላይ መቀመጥ አይበቃም፤ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣው ለሁለቱም የሚያገለግል ሆኖ ከተገኘ ከሁለተኛው ክምር ወደ ሦስተኛው ይዛወራል፤ ከ6 ሺህ ብሩም 3 ሺህ 600 ለነጋዴው ይቀነስለታል። እውነቱ ለነጋዴው የሚጠቅም በሆነ ጊዜም መርማሪው ያንኑ እውነት መጻፍ አለበት።

የሽያጭ ድርሻ ፍጹም ሚዛን አለመሆኑንም መዘንጋት አይገባም። መድኃኒቱ ከሱቁ ስፋት አንድ አራተኛውን ብቻ ይዞ ከሽያጩ 40 በመቶ ሊያስገባ ይችላል። ኪራዩ በስፋት ቢካፈል ከ4 ሺህ 500 ብሩ 3 ሺህ 375 ይቀነስ ነበር፤ በሽያጭ ሲካፈል ግን 2 ሺህ 700 ብቻ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር ነጋዴው የታክስ መሥሪያ ቤቱን አስፈቅዶ ለሥራው በሚስማማ ሌላ መለኪያ ሊጠቀም ይችላል። የሽያጭ ድርሻ ብልጫው ግን ሁለቱም ወገን ከአንድ መዝገብ ሊያነቡት መቻላቸው ነው። ሜትር ይዞ በየሱቁ ከመዞርና በየማእዘኑ ከመከራከር፣ ጥቂት ቢያዘነብልም ሁሉም የሚያየው ሚዛን ይሻላል። ነጋዴው ግን በፈቃዱ ብቻ ዛሬ በስፋት፣ ነገ በሽያጭ እያለ የሚጠቅመውን መምረጥ አይችልም።

በመጨረሻ ያልተቀነሰው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ እንይ። በምሳሌአችን ወር ማቀዝቀዣው አንድ ጊዜ የሚገዛ ስለሆነ እርሱን እንተወውና፣ የጋራው ወጪ 3 ሺህ 600 ብር ብቻ በ200 ሺህ ብሩ መድኃኒት ላይ ሲደለደል፣ በ100 ብር 1 ብር ከ80 ሳንቲም ይሆናል። ገዢው በደረሰኙ ላይ ታክስ የሚል ቃል አያይም፤ ነገር ግን ይህንን ያህል ከፍሏል። ሕጉ ነፃ ሲል የወሰነው መጠን ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ መሆን የለበትም። ነጋዴው ሳይለይ ያካፈለ እንደ ሆነ ግን፣ በሳሙናው ላይ ያለ አግባብ የቀረበትን ጭምር የሚያወጣበት ቦታ ይፈልጋል። ሳሙናውን የሚሸጥ ሌላ ሱቅ ከጎኑ አለ፤ መድኃኒት የሚሸጠው ግን ምናልባት እርሱ ብቻ ነው። ጭነቱ ወዴት እንደሚያዘነብል ለመገመት አያስቸግርም።

ስለዚህ ይህንን ሒሳብ የሚሠራ ወጣት፣ የማካፈያውን ቍጥር ከማውጣቱ በፊት ደረሰኞቹን ሦስት ቦታ ይለያቸው፤ የለየበትንም ምክንያት በእያንዳንዱ ደረሰኝ ጀርባ በአንድ መስመር ይጻፍ። ያ መስመር ካለ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚመጣው መርማሪና በዚያን ጊዜ የሚኖረው የሒሳብ ሠራተኛ ሊነጋገሩ ይችላሉ። ከሌለ ግን የሚቀራቸው ክርክር ብቻ ነው።